«ከምንባቡ ማስረጃ ጥቀስ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ተማሪ አንቀጹን እንዳለ ይገለብጣል። የሚፈለገው ግን መልሱን የሚያረጋግጠው ሐረግ ብቻ ነው። ምንባቡ «አልማዝ ደብዳቤውን አገላብጣ አየችውና ሳትከፍተው ትራሷ ስር ከተተችው» ይላል እንበል። ጥያቄው «አልማዝ ደብዳቤውን ስታይ ምን ተሰማት?» ከሆነ፣ መልሱ እንዲህ ይጻፋል፦

ፈርታለች። ደብዳቤው እጇ ገብቶ ሳለ «ሳትከፍተው ትራሷ ስር ከተተችው»፤ ይህም በውስጡ ያለውን ማወቅ እንዳልፈለገች ያሳያል።

«አገላብጣ አየችው» የሚለውን ብቻ መጥቀስ አይበቃም፤ የጓጓ ሰውም ያገላብጣልና። ብዙ ጊዜ ነጥብ የሚያስቀንሰው እንዲህ ያለ ለሁለት ስሜት የሚሆን ጥቅስ ነው። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው ደግሞ ቃል በቃል ይሁን፤ «ከተተችው» «ደበቀችው» ከሆነ የራስህ አባባል ነውና ምልክቱን አውጣ። የአንቀጽ ቁጥር መጻፍ ግን እንደየፈተናው ስለሚለያይ መመሪያውን እይ።