የሚለጠጥ ጨርቅ ለምን ይላላል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታይትን፣ የዋና ልብስንና ስትሬች ጂንስን የሚያለጥጠው ኤላስታን የሚባል ቀጭን ክር ነው። ጂንስ ውስጥ ከ1 እስከ 3 በመቶ ይገባል፣ የዋና ልብስ ውስጥ 20 በመቶ ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ቀሪው ጥጥ፣ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው። ክሩ የተሠራባቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች ለስላሳና ጠንካራ ክፍሎች አሏቸው። ለስላሳው ይለጠጣል፤ ጠንካራው ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

«ብዙ ስለተለጠጠ ነው የላላው»

ጤነኛ የኤላስታን ክር የራሱን ርዝመት አምስት እጥፍ ቢሳብ እንኳ ይመለሳል። ስንለብሰው የሚለጠጠው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ልብሱ የሚላላው ሞለኪውሎቹ አስቀድመው ስለተበጣጠሱ ነው፤ መለጠጡ የተደበቀውን ጉዳት ያወጣዋል እንጂ ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም።

ጉዳቱን በዓይን ማየት ይቻላል። የልብሱን መቀመጫ በመስኮት ብርሃን ፊት ወጠር አድርጉና እምብዛም ከማይነካው ክፍል ጋር አስተያዩት። ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ወይም አጫጭር ነጫጭ ክሮች እንደ ፀጉር ብቅ ብቅ ካሉ፣ ኤላስታኑ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ሲለቁት ተሸብሽቦ የሚቀር ወገብም ያው ምልክት ነው።

«ክሎሪኑ ልብሱ ሲደርቅ አብሮ ይተናል»

ብዙ የዋና ልብስ የሚያልቀው በዚህ እምነት ነው። በመዋኛ ገንዳ ውስጥ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን ይኖራል። መጠኑ ትንሽ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሞለኪውሉን እየቆረጠ ማሳጠር ነው። ልብሱ በከረጢት ውስጥ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ክሎሪኑም ከክሩ ጋር ይቆያል፣ መቁረጡንም አያቋርጥም። የሞቀ ገንዳ ከቀዝቃዛው የባሰ ነው፤ ሙቀት የክሎሪኑን ሥራ ያፋጥናል።

80 በመቶ ናይለን፣ 20 በመቶ ኤላስታን የሆነ ልብስ በሳምንት ሦስት ቀን ገንዳ ይገባል እንበል። ከመግባታችሁ በፊት በሻወር አርጥቡት፤ ንጹሕ ውሃ የጠጣ ጨርቅ የገንዳውን ውሃ እንደ ደረቁ አይመጥጠውም። ስትወጡ እዚያው ሻወር ሥር፣ ሳታወልቁት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለሁለት ደቂቃ ያህል አለቅልቁት። ቤት ስትደርሱ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። አትጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን በማድረግ ውሃውን አውጡና ጥላ ሥር ዘርጉት። ይህ ሁሉ ጉዳቱን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። ለአዘውታሪ ዋናተኛ ኤላስታን የሌለበት የፖሊስተር ልብስ ይሻለዋል፤ የመለጠጥ ምቾቱ ያንሳል፣ ክሎሪንን ግን ይቋቋማል።

በረኪናም ክሎሪን ነው፣ ያውም ከገንዳው ውሃ እጅግ የጠነከረ። ነጭ ስትሬች ልብስ ላይ ጨርሶ አይፈስም።

«ላብና ቅባት የሚለቀው በፈላ ውሃ ብቻ ነው»

ቅባቱ መውጣት አለበት፤ እዚህ ላይ ሐሳቡ ትክክል ነው። የሰውነት ቅባት ወደ ለስላሳው የክሩ ክፍል ሰርጎ ያሳብጠዋል፣ ያደክመዋልም። የፀሐይ መከላከያ ክሬምና የሰውነት ሎሽንም እንዲሁ። ስለዚህ ታይት ሳይታጠብ ደጋግሞ መልበስ ክሩን አያተርፍም፤ ቀድመው የሚላሉትም ወገቡ፣ የጭኑ ውስጥና ብብቱ ናቸው።

የፈላ ውሃ ግን ጠንካራዎቹ ክፍሎች እርስ በርስ የተያያዙበትን ያላላል። ከዚህ ይልቅ ልብሱን ገልብጡና ቅባት በሚበዛበት ቦታ ፈሳሽ ሳሙና በጣት አሹ፤ ሩብ ሰዓት አቆይታችሁ በ30 ዲግሪ እጠቡት። ቅባቱን የሚያነሣው ሳሙናውና የሚሰጠው ጊዜ ነው። የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ጨርቁ ላይ ሌላ የሚለጠፍ ሽፋን ይተዋል።

«የላላውን ማድረቂያ ማሽን ይሰበስበዋል»

ጥጥ በሙቀት ስለሚሰበሰብ የመጣ ግምት ነው። ጂንሱ ከማድረቂያው ሲወጣ ይጠብባል፤ የተሰበሰበው ግን ጥጡ ነው፣ ትንሽ ሲለበስም መልሶ ይሰፋል። የተበጠሰ ኤላስታን በሙቀት አይቀጠልም።

ፋብሪካ ውስጥ የጨርቁን ስፋት ለማጽናት ወጥረው ከ180 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ለአጭር ጊዜ ያሳልፉታል። ኤላስታን ሲሞቅ የያዘውን ቅርጽ ያጸናል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ወጥራችሁ በጋለ ካውያ ስትተኩሱትም በተለጠጠበት ልክ ይቀራል። መተኮስ ግድ ከሆነ ካውያውን ባለ አንድ ነጥብ ላይ፣ ማለትም ከ110 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ አድርጉና ጨርቁን ሳትስቡ በፍጥነት አሳልፉት።