«መልስ አልመጣም» ማለት «አልተመዘገበም» ማለት አይደለም

ደንበኛው አንድ ጊዜ አዝዞ ሳለ የሂሳብ ሥርዓቱ ለምን ሁለት ሽያጭ ይመዘግባል? የደሴና የኮምቦልቻ ባለሱቆች ደጋግመው ስለጠየቁ በምሳሌ ላስረዳ።

የኦንላይን ሱቁ ትእዛዝ ቁጥር 1047ን፣ ሁለት ጋቢ በድምሩ በ6,000 ብር፣ ወደ ሂሳብ ሥርዓቱ ይልካል። መልስ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ብቻ ነው። የሂሳብ ሥርዓቱ በ34ኛው ሰከንድ መዝግቦ ይጨርሳል፤ ሱቁ ግን ቀድሞ ጥበቃውን አቋርጦ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ልኳል። ሁለተኛው እንደ አዲስ ትእዛዝ ይገባል፤ ሽያጩ 12,000 ብር፣ ከመጋዘን የወጣውም አራት ጋቢ ይሆናል። አንድ የትእዛዝ ቁጥር በሁለት ደረሰኞች ላይ፣ በግማሽ ደቂቃ ልዩነት ካገኛችሁ ምክንያቱ ይህ መሆኑን ጠርጥሩ።

እባካችሁ ድጋሚ መላክን አታጥፉ፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ያልደረሰ ትእዛዝ ጠፍቶ ይቀራል። የጥበቃውን ጊዜ ማርዘምም ችግሩን ያሳንሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

የሚያስቀረው መለያ ቁልፍ ነው። ሱቁ ለ1047 አንድ ቁልፍ ይሰጣል፣ በድጋሚ ሲልክም ያንኑ ይልካል። ተቀባዩ ቁልፉን ቀድሞ ካየው አዲስ ሳይመዘግብ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል። በየሙከራው አዲስ ቁልፍ ከተፈጠረ ግን ምንም ጥቅም የለውም፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ይህ በየትኛውም ሥርዓት እውነት ነው። የሚለያየው ቁልፉ የሚላክበት ቦታና ተቀባዩ የሚያስታውሰው ጊዜ ነው። አንዳንዱ `Idempotency-Key` የሚባል መስክ አለው፤ ከሌለው የትእዛዝ ቁጥሩ እንዳይደገም የሂሳብ ሥርዓቱ ራሱ እንዲከለክል ባለሙያችሁን ጠይቁ።