የርቀት ሥራ ፖሊሲ ምንድን ነው?

የርቀት ሥራ ፖሊሲ ሠራተኛው ከቢሮ ውጭ ሲሠራ መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ መገኘት እንዳለበት፣ በማን ዕቃ እንደሚሠራ እና የድርጅቱን መረጃ እንዴት እንደሚጠብቅ የሚወስን የጽሑፍ ደንብ ነው። አስቸጋሪ ቦታዎቹ በምሳሌ ቢታዩ ይቀላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ዋሽንግተን ላለ ደንበኛ ሒሳብ የሚሠራ ድርጅት እንውሰድ።

መጀመሪያ የሚበላሸው ሰዓቱ ነው። ፖሊሲው «የሥራ ሰዓት ከ2 እስከ 11» ብቻ ካለ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ይጻፍ፣ ለደንበኛው በሚላክ የስብሰባ ጥሪ ላይ ደግሞ የዋሽንግተኑ ሰዓት ይታከልበት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነትም ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። አሜሪካኖች በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚገፉ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። የደንበኛው ቢሮ በራሱ ሰዓት ጠዋት ሦስት ላይ ሲከፈት እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ልዩነቱ 8 ሲሆን ደግሞ 11 ሰዓት ነው። ሠራተኛችን 11 ላይ ሥራ የሚያበቃ ከሆነ በክረምታቸው ከደንበኛው ጋር የሚገናኝበት አንድም ሰዓት አይኖረውም። ያኔ ስብሰባው ሁሉ ወደ ምሽት ይገፋል፣ ሠራተኛውም ሳይታወቅ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መሥራት ይጀምራል።

መፍትሔው ፈረቃውን ማዛወር ነው። ከረፋዱ 5 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ በመሐል አንድ ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ 40 ሰዓት ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፈቀደው መደበኛ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ስለሆነ ከገደቡ አያልፍም። ከደንበኛው ጋርም ሦስት ወይም አራት የጋራ ሰዓት ይገኛል።

እዚህ ላይ የሥራ ሰዓትንና የመገኛ ሰዓትን መለየት ያስፈልጋል። በእኛ እምነት የፖሊሲው ዋና ሥራ ይህ ነው። አንቀጹ ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ሠራተኛው ከደንበኛው ጋር በሚጋራቸው ሰዓታት ለጽሑፍ መልእክት በ30 ደቂቃ ውስጥ ይመልሳል። በቀሪው የሥራ ሰዓት እስከ ፈረቃው መጨረሻ ቢመልስ በቂ ነው። ከፈረቃ ውጭ የመመለስ ግዴታ የለበትም።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከተዘለለ ኃላፊው በሌሊት የጻፈው መልእክት ሁሉ ትእዛዝ ይመስላል።

ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ትእዛዙ አስቀድሞ በኢሜይል ይሰጥ። ወር 208 የሥራ ሰዓት ተብሎ ከተሰላ የ20,800 ብር ደመወዝተኛ በሰዓት 100 ብር ያገኛል። በሥራ ቀን ከምሽቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ ቢታዘዝ የሌሊቱ ተመን 1.75 ስለሆነ 350 ብር ይከፈለዋል።

መብራት ሲጠፋስ? ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፤ ቀድሞ የሚጠፋው ራውተሩ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ለራውተሩ ትንሽ የኃይል ማቆያ ይስጥ፣ የመሥመሩ አገልግሎት ራሱ ሲቋረጥ የሚያገለግል የሞባይል ዳታም ይመድብ። ሠራተኛው በ15 ደቂቃ ውስጥ በስልክ ያሳውቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠሩለት፣ ከዚያ ካለፈ ቢሮ ይግባ።

ላፕቶፕ ሲሰጥ የመለያ ቁጥሩና ሁኔታው ተጽፎ ይፈረምበት። በውሉ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ የሥራ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ዕቃው ቢጎዳ እንኳ አሠሪው በራሱ ፈቃድ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ሠራተኛው በጽሑፍ ቢስማማም ተቆራጩ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

መረጃን በተመለከተ «ሠራተኛው ምስጢር ይጠብቃል» የሚል አንቀጽ ላፕቶፕ ታክሲ ውስጥ ሲረሳ ምንም አይረዳም። ዲስኩ ካልተቆለፈ ያገኘው ሰው የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ ዲስኩን ነቅሎ ፋይሉን ያነባል። በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ይብራ፣ የመክፈቻ ቁልፉም ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ድርጅቱ ዘንድ ይቀመጥ። ከማስረከብ በፊት በአስተዳዳሪ ፈቃድ በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ላይ ይህን አሂዶ ማየት ነው፦

```
manage-bde -status C:
```

`Protection On` ካላለ ላፕቶፑ ከቢሮ አይውጣ።

በተግባር ግን መረጃ በቴሌግራምም ይወጣል። ሠራተኛው ፋይሉን በግል አካውንቱ ለራሱ ይልካል፣ ከዚያ ልጆች በሚጫወቱበት ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ሥራ ሲለቅም አብሮት ይሄዳል። ክልከላ ብቻውን አያቆመውም፤ ከስልክም በቀላሉ የሚከፈት የድርጅቱ የጋራ ማኅደር ሲኖር ነው ልማዱ የሚቀረው። ዕቃ ሲጠፋ ሠራተኛው በተመሳሳይ ቀን ለማን እንደሚደውል ስልክ ቁጥሩ በፖሊሲው ላይ ይጻፍ፤ ተቀባዩም ወዲያው አካውንቶቹን ከሁሉም መሣሪያ ያስወጣና የይለፍ ቃሎቹን ይቀይራል። በዚያው ቀን ያሳወቀ ሠራተኛ በማሳወቁ እንደማይቀጣም ይጻፍ፤ ቅጣት የፈራ ሰው ላፕቶፑን ለቀናት ብቻውን ሲፈልግ አካውንቶቹ ክፍት ሆነው ይቆያሉ።