«ለሚመለከተው ሁሉ» ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ መዝገብ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት የሥራ ማመልከቻ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ገባልኝ። ሦስቱም አመልካቾች የሰሙት ምክር አንድ ነው። «የተቀባዩን ስም ካላወቅህ ለሚመለከተው ሁሉ በል፤ ከዚህ በላይ ጨዋነት የለም» ይላል መካሪው። ማን እንደሆነ አልናገርም። ግን ወንድሜ፣ ጨዋነትን እዚህ ውስጥ ምን አመጣው?

«ለሚመለከተው ሁሉ» የአክብሮት ቃል አይደለም፤ አድራሻ ነው። ወረቀቱ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ጸሐፊው በማያውቅበት፣ ማንም ቢያየው ደግሞ ችግር በሌለበት ጊዜ ይጻፋል። ትክክለኛ ቦታው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ባለቤቱ ዛሬ ለባንክ፣ ነገ ለፋብሪካ፣ ከነገ ወዲያ ለኤምባሲ ያሳየዋል። ማስረጃው ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ከተጻፈበት ሌላው «ይሄ ለእኛ አልተጻፈም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ማስረጃ ስታወጡ «ሁሉ» የምትለዋ ቃል መኖሯን አይታችሁ ተቀበሉ።

ማመልከቻ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሰውየውን ስም አታውቁም እንጂ የት እንደምትልኩት ታውቃላችሁ።

ሰው ቤት ስንሄድ ማን እንዳለ ካላወቅን በሩ ላይ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን። ባለቤቱ ሸህ ይሁን ቄስ፣ አሮጊት ትውጣ ሕፃን፣ አናውቅም። ቤቱን ግን ለይተነዋል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ማለት ደግሞ ሰኞ ባቲ ገበያ መሐል ቆሞ «ያልሰማህ ስማ!» እንደ ማለት ነው። ለአዋጅ ደግ ነው። በአንድ ሰው በር ላይ ቆሞ አዋጅ ማሰማት ግን ምን ይሉታል? ከውስጥ ያሉት ይሰማሉ፣ ግን ሁሉም ሌላው ይነሣል ብሎ ይቀመጣል።

እኛ ዘንድ የሚሆነውም ይኸው ነው። ገቢ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይሰጠውና ይመዘገባል። ክፍሉ ከተጻፈበት መንገዱን ያውቃል። ካልተጻፈበት ኃላፊው ጋ ይገባል፣ ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ለሰው ሀብት» ብሎ እስኪመራው ይጠብቃል። ኃላፊው መስክ ከወጣ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ያድራል። የማመልከቻው ጊዜ አርብ የሚያበቃ ከሆነ ማደሩ ቀላል ነገር አይደለም። (እግረ መንገዴን፦ በእጅ የምታስገቡ ከሆነ ሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመቱና ይዛችሁ ሂዱ። ያልተጠየቅሁትን እንደተናገርኩ አውቃለሁ።)

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ መጣች። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ የልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። ማስታወቂያው በአማርኛ ነው። ስም የለውም፣ ያለው hr ብሎ የሚጀምር የኢሜይል አድራሻ ብቻ ነው። ባለቤቶቹ የውጭ ሰዎች ናቸው ተብሏል። እሷ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላ ጀምራ፣ ቀጥላ «ክቡር ሆይ» ብላለች። ክቡር ለሚኒስትርና ለአምባሳደር ነው። ተቀባይዋ ሴት ብትሆንስ? ክብርት ልትባል ነው።

እንዲህ አስተካከልነው። ላይ «ለ» ብለን የፋብሪካውን ስም፣ ከሥሩ «ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል»፣ ከዚያ «ኮምቦልቻ»። ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ በጥራት ተቆጣጣሪ የሥራ መደብ ላይ ለመቀጠር ማመልከትን ይመለከታል»። ከዚያ ያለ ምንም ሰላምታ በቀጥታ ወደ ነገሩ። ልጅቷ ደነገጠች። «ውድ አይባልም እንዴ?» አለችኝ። አይባልም። የአማርኛ የሥራ ደብዳቤ ሰላምታው መጨረሻው ላይ ነው፣ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው። «ውድ» ከፈረንጅ ደብዳቤ የመጣ ነው። በአገራችን «ለውድ ወንድሜ» ተብሎ ለዘመድ ይጻፋል እንጂ ለማያውቁት ክፍል አይጻፍም። በኢሜይል ደረቀብኝ የሚል «ጤና ይስጥልኝ» ይበል፣ ይበቃል።

በተለይ እኛ ወሎዎች እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። ስም አይተን ሃይማኖት መገመት አንችልም፤ አንድ ቤት ውስጥ አባት መሐመድ፣ ልጅ ኃይሌ ሊሆን ይችላል። በ«አሰላሙ ዐለይኩም»ም ሆነ በ«ሰላመ እግዚአብሔር» አትክፈቱ። ጤና ለሁሉም ነው።

ውስጡን ደግሞ በ«እናንተ» ጻፍነው፦ «ባወጣችሁት ማስታወቂያ መሠረት»። እናንተ የሚለው ለድርጅቱ ነው። ወንድ ሴት አይለይም፣ ትልቅ ትንሽ አይለይም። አንድ ሰው መሆኑ ሲታወቅ ወደ «እርስዎ» ይዞራል፤ እሱም ጾታ አይለይም። የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች «ሰር ወይስ ማዳም» ብለው ሲጨነቁ እኛ በነፃ ያገኘነው መፍትሔ ነው። «አንቱ» ግን እናቶቻችን አፍ ላይ ያምራል እንጂ የሥራ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። «ሐሙስ 3 ሰዓት ላይ ነይ። ደስታ» ይላል። እንግዲህ ደስታ ወንድም ሴትም ይሆናል። ልጅቷ «አንቺ ስላሉኝ እኔም ቀለል አድርጌ ልመልስ?» አለች። ይህንንም ያው መካሪ ነው ያስተማራት፦ «በጻፉልህ ልክ ጻፍ»።

በእንግሊዝኛ ይሠራል፤ እነሱ በስም ከጠሩህ በስም ትመልሳለህ። በአማርኛ አይሠራም። በር ላይ «ቤቶች!» ብላችሁ አንድ ሽማግሌ ወጥተው «ግባ ልጄ» ቢሏችሁ «እሺ ልጄ» ብላችሁ ትመልሳላችሁ? ቀጣሪ አንቺ ማለቱ ፈቃድ አይደለም። ስለ ድርጅቱ ባህል ግን አንድ ነገር ይነግራል፦ ያለ ማዕረግ፣ ባጭሩ ይጻጻፋሉ። ስለዚህ የሚያጥረው ደብዳቤው ነው። «እርስዎ» ባለበት ይቆያል። እንዲህ መለሰች፦ «ጤና ይስጥልኝ። መልእክትዎ ደርሶኛል፤ ሐሙስ 3 ሰዓት ላይ እገኛለሁ። አመሰግናለሁ።» አቶም ወይዘሮም የለበት።

ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ማመልከቻዋንም በእንግሊዝኛ እንድትጽፍ እመክራት ነበር። ያኔ ሰላምታው ግድ ነው፤ «ዲር» ብላ የክፍሉን ስም ትጨምራለች። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ስም ከተገኘ በኋላ ነው። ፈረንጅ «ሚስተር» ከሚለው በኋላ የቤተሰብ ስም ያስገባል። የእኛን ሰው በዚያ ልማድ ከጠራችሁት የጠራችሁት አባቱን ነው። ቻይናዊ ከሆነ ደግሞ የቤተሰቡ ስም ብዙ ጊዜ ፊት ይመጣል፤ ሁለተኛውን ስም ይዛችሁ ሚስተር እንዳትሉ።

ልጅቷ ሐሙስ ሄዳ ተፈትናለች። ደስታ ሴት ናቸው፣ ሃምሳውን ያለፉ።