«ሙሉ 14 ቀን» ሲባል ስንት ቀን ነው?

በብሪታንያ በኩባንያ መልክ የተመዘገቡ የማኅበረሰብ ማኅበራት አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠሩ በብዛት የሚሳሳቱት ቀን አቆጣጠር ላይ ነው። የ2006ቱ የኩባንያዎች ሕግ ቢያንስ 14 ሙሉ ቀናት ቀደም ብሎ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ «ሙሉ» ማለቱም ማስታወቂያው የተሰጠበትና ጉባኤው የሚካሄድበት ቀን አይቆጠሩም ማለት ነው።

ጉባኤው ቅዳሜ ሰኔ 20 ቀን 2026 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው እንበል። ማስታወቂያው ከአርብ ሰኔ 5 ሳያልፍ ለአባላት መድረስ አለበት። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ሌላ ካላለ፣ በፖስታ የተላከ ደብዳቤ እንደደረሰ የሚቆጠረው ከተላከ ከ48 ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የእረፍት ቀናት በዚህ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ረቡዕ ሰኔ 3 የተላከው ይደርሳል፤ አርብ የተላከው ግን ማክሰኞ ሰኔ 9 እንደደረሰ ስለሚቆጠር አሥር ሙሉ ቀን ብቻ ይቀረዋል።

ደብዳቤው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የአጀንዳውን ጠቅላላ ይዘት መግለጽ አለበት። መተዳደሪያ ደንብን ማሻሻልን የመሰለ፣ 75 በመቶ ድምፅ የሚጠይቅ ልዩ ውሳኔ ሲቀርብ ግን «ደንብ ስለማሻሻል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም፤ የውሳኔ ሐሳቡ ሙሉ ቃልና ልዩ ውሳኔ ሆኖ እንደሚቀርብ በደብዳቤው ላይ መስፈር አለበት። በእኔ እይታ ጸሐፊዎች በብዛት የሚዘነጉት ይህንን ነው። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚል ርእስ ሥር ደንብ ማሻሻል አይቻልም።