ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ ምንድን ናቸው? ስናቆማቸውስ ቃሩ ለምን ይብሳል?

ኦሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ላንሶፕራዞል፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ፕሮቶን ፓምፕ ኢንሂቢተር ይባላሉ፣ ባጭሩ ፒፒአይ። ብዙ ሰው አሲዱን የሚያጠፉ ይመስለዋል፣ አይደለም። ያለውን አሲድ የሚያመክነው የሚታኘከው ወይም የሚጠጣው አንታሲድ ነው። ፒፒአይ የሚዘጋው አሲዱ የሚመረትበትን ቦታ ነው።

ጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ፓሪየታል የሚባሉ ሴሎች አሉ፣ እነሱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፓምፖች ፖታሲየም ወደ ውስጥ እየሳቡ ፕሮቶን ወደ ጨጓራ ይገፋሉ፣ አሲድ የሚያደርገውም ይሄው ፕሮቶን ነው። የሚገርመው ክኒኑ ጨጓራ ውስጥ ቢሟሟ አሲዱ ራሱ ያበላሸዋል፣ ለዛ ነው ሽፋን ያለው (ስለዚ ማድቀቅ ማኘክ የለም)። አንጀት ውስጥ ይሟሟል፣ ደም ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ዞሮ በደም በኩል ወደ ፓሪየታል ሴሉ ይመጣል። ፓምፑ እየሰራ ከሆነ አካባቢው አሲድ ነው፣ መድሀኒቱ እዛ ሲደርስ ይለወጥና ፓምፑ ላይ ላይለቅ ይጣበቃል። መድሀኒቱ ራሱ በጥቂት ሰአት ከደም ይጠፋል ግን የተዘጋው ፓምፕ ተዘጋ ነው፣ ሰውነት አዲስ ፓምፕ እስኪሰራ ድረስ።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ወሳኝ ነው፦ የሚዘጋው እየሰራ ያለ ፓምፕ ብቻ ነው። ባዶ ሆድ ላይ አብዛኛው ፓምፕ ተኝቷል፣ የሚቀሰቅሰው ምግብ ነው። ለዛ ነው ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ በተለይ ከቁርስ በፊት የሚባለው፣ ምግቡ ፓምፖቹን ሲቀሰቅስ መድሀኒቱ ደም ውስጥ ደርሶ እንዲጠብቃቸው። እንበል አንድ ሰው 20 ሚሊግራም ኦሜፕራዞል እራት በልቶ ቆይቶ ሊተኛ ሲል ይውጣል። መድሀኒቱ ደሙ ውስጥ በሚበዛበት ሰአት ፓምፖቹ አርፈዋል፣ ጠዋት ቁርስ ሲቀሰቅሳቸው ደግሞ እሱ የለም። ይሄ ሰው "አልሰራልኝም" ብሎ 40 ይጠይቃል፣ ሰአቱን ቢቀይር ግን 20ውም ሊበቃው ይችል ነበር። በዛ ላይ ሙሉ ጉልበቱ ላይ ለመድረስ ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል፣ በአንድ ክኒን መፍረድ አይቻልም።

አሁን ወደ ማቆሙ። አሲድ ሲቀንስ ሰውነት "አነሰኝ" ይልና ጋስትሪን የሚባለውን ሆርሞን ይጨምራል፣ ጋስትሪን ደግሞ አሲድ አምርቱ ብለው የሚያዙትን ሴሎች ያበዛል። መድሀኒቱ ሲቆም ፓምፖቹ በቀናት ውስጥ ይመለሳሉ፣ የበዙት አዛዥ ሴሎች ግን ለሳምንታት ይቆያሉ፣ ውጤቱ ከበፊቱ የባሰ አሲድ። በፈረንጆቹ 2009 ዴንማርክ ውስጥ የወጣ ጥናት ቃር ምናምን የማያውቁ 120 ጤነኛ ሰዎችን ወስዶ ግማሹን ለ8 ሳምንት ኢሶሜፕራዞል ሰጣቸው፣ ካቆሙ በኋላ ባሉት ሳምንታት 44 በመቶው የቃር አይነት ስሜት ተሰማቸው፣ መድሀኒቱን ካልወሰዱት ግን 15 በመቶው ብቻ። ስለዚ ባቆሙ በሳምንቱ ቃር መጣ ማለት የግድ በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም። አንዳንድ ሀኪም መጠኑን ይቀንስና ቀን እየዘለለ ያስወስዳል፣ በመሀል ለሚመጣው ቃር ደግሞ አንታሲድ ወይም ፋሞቲዲን የሚባል ሌላ አይነት አሲድ ቀናሽ ይሰጣል።

ስለ ረጅም ጊዜ ጉዳቱ የሚወራው ብዙ ነው፦ መርሳት፣ ኩላሊት፣ አጥንት፣ የሳንባ ምች። አብዛኛው የመጣው የሚወስዱትንና የማይወስዱትን ሰዎች መዝገብ በማወዳደር ነው፣ ችግሩ ፒፒአይ የሚታዘዝላቸው ሰዎች ከመጀመሪያውም ብዙ በሽታ ያለባቸው መሆናቸው ነው፣ የቱ የመድሀኒቱ የቱ የበሽታው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሰዎቹ በእጣ ተከፍለው ከተሰሩት ጥናቶች ትልቁ በፈረንጆቹ 2019 የወጣው ኮምፓስ የሚባለው ነው፣ ከ17 ሺህ በላይ ሰው፣ ፓንቶፕራዞል 40 ወይም ባዶ ክኒን፣ ወደ 3 አመት ገደማ። በግልጽ የጨመረው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነው፣ ከወሰዱት 1.4 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 1.0 በመቶ (አሲድ ጀርም ይገድላል፣ ሲቀንስ ያልፋሉ)። ግን 3 አመት 10 አመት አይደለም።

እኔ ከሁሉም በላይ በቁም ነገር የማያቸው ሁለት ናቸው። አንዱ የማግኒዚየም ማነስ ነው፣ ብዙም አያጋጥምም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከአመት በላይ በወሰዱ ላይ ነው፣ ጡንቻ መኮማተር፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መዛባት ካለ በደም ምርመራ ይታያል፣ ሽንት የሚያሸና መድሀኒት አብረው የሚወስዱ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ሌላው ቢ12 ነው፣ ከምግብ ላይ የሚያላቅቀው አሲድ ስለሆነ በአመታት ውስጥ ሊያንስ ይችላል፣ እጅና እግር መደንዘዝ አንዱ ምልክቱ ነው።

ይሄን አንብቦ ዛሬውኑ መጣል የሌለበት ሰው ግን አለ፦ የጨጓራ ቁስሉ ደምቶበት የሚያውቅና አስፕሪን ወይም እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ የሚወስድ፣ ጉሮሮው በአሲድ ክፉኛ የቆሰለ፣ ባሬት የሚባለው የጉሮሮ ውስጠኛ ሽፋን ለውጥ የተገኘበት። ለነዚህ ሰዎች ማቆሙ ከመውሰዱ የበለጠ አደጋ ሊኖረው ይችላል፣ በተለይ ለመጀመሪያው ደም መፍሰስን ይጨምራል።