እኩል ምልክቱ ሊሚትን አይወስንም፦ ስለ ፒስዋይዝ ፋንክሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እኩል ምልክቱ ያለበትን መስመር ፈልጌ ቁጥሩን ብተካ ሊሚቱን አገኘሁ ማለት አይደል?»

አይደለም። ፒስዋይዝ ፋንክሽን ለተለያየ የ x ክልል የተለያየ ቀመር የሚሰጥ ፋንክሽን ነው፤ እያንዳንዱ ቀመር ከነሁኔታው በአንድ መስመር ይጻፋል፤ እኩል ምልክቱ የተባለውም ከሁኔታዎቹ በአንዱ ውስጥ በ≤፣ በ≥ ወይም በ= የሚታየው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚያስጠናም ሆነ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የፍሬሽማን ሒሳብ የሚያርም ሰው ይህን ጥያቄ መስማት ሰልችቶታል። ሲነገር ቀላል ስህተት ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሎቹ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚበቅሉት ከዚሁ ሥር ነው።

x ወደ a ሲጠጋ የሚለው አነጋገር a ራሱን አይጨምርም። ሊሚት የሚጠይቀው በ a ዙሪያ፣ በጣም ቅርብ ባሉ ቁጥሮች ላይ ፋንክሽኑ ወዴት እንደሚያመራ ነው። እኩል ምልክቱ ደግሞ የሚናገረው a ላይ ብቻ ስላለው ዋጋ ነው። ስለዚህ ተማሪው መልሱን የሚፈልገው ሊሚት ጨርሶ በማያየው ብቸኛ ነጥብ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ቡና የምታመጣ ጀልባ አለች እንበል። ጭነቱ እስከ 50 ኪሎ ከሆነ በኪሎ 4 ብር ታስከፍላለች፤ ከ50 ኪሎ ካለፈ ግን ጠቅላላው ጭነት በኪሎ 3 ብር ይታሰባል። ክፍያውን C፣ ክብደቱን w ብንለው፦

```
C(w) = 4w,   w ≤ 50
C(w) = 3w,   w > 50
```

w ወደ 50 ሲጠጋ ሊሚቱ ስንት ነው? ከግራ እንምጣ። 49 ኪሎ 196 ብር ነው፤ 49.9 ኪሎ 199.60 ነው፤ 49.99 ኪሎ 199.96 ነው። ወደ 200 እየሄደ ነው። ከቀኝ ስንመጣ 51 ኪሎ 153 ብር፣ 50.1 ኪሎ 150.30፣ 50.01 ኪሎ 150.03 ይሆናል። ይህኛው የሚሄደው ወደ 150 ነው። 200 እና 150 እኩል ስላልሆኑ የሁለት ወገን ሊሚት የለም። እኩል ምልክቱን የሚከተለው ተማሪ ግን 4 × 50 = 200 ብሎ ይጨርሳል። 200 የግራ ሊሚት ነው፤ C(50)ም ነው። የተጠየቀው ግን ሁለቱም አይደሉም።

ራስን መፈተሻ የሚሆን ዘዴ እዚሁ ላይ አለ። እኩል ምልክቱን ከላይኛው መስመር አንስታችሁ ወደ ታችኛው አዛውሩት፤ ማለትም w < 50 ሲሆን 4w፣ w ≥ 50 ሲሆን 3w ይሁን። የተለወጠው ልክ 50 ኪሎ የጫነ ሰው የሚከፍለው ብቻ ነው፤ 200 ይከፍል የነበረው አሁን 150 ይከፍላል። 49.99 ኪሎም ሆነ 50.01 ኪሎ ያለው ሰው ክፍያው አልተነካም፤ የግራ ሊሚት አሁንም 200፣ የቀኙም 150 ነው። እኩል ምልክቱ ቦታ ሲቀይር የእናንተ መልስ አብሮ ከተቀየረ ያሰላችሁት ሊሚት ሳይሆን የፋንክሽኑን ዋጋ ነበር።

ነጥቡ ላይ ፋንክሽኑ ጨርሶ ካልተሰጠ፣ ወይም ሌላ እንግዳ ቁጥር ከተሰጠስ? ያው ነው። ይህን ተመልከቱ፦

```
f(x) = x² − 1,   x < 2
f(x) = 5,        x = 2
f(x) = 7 − 2x,   x > 2
```

የግራ ሊሚት 2² − 1 = 3 ነው። የቀኝ ሊሚት 7 − 4 = 3 ነው። ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ሊሚቱ አለ፤ 3 ነው። መካከለኛው መስመር ቢሰረዝም፣ 5 የሚለው ወደ 500 ቢለወጥም መልሱ 3 ሆኖ ይቀራል። 5 ሥራ የሚኖረው ፋንክሽኑ 2 ላይ ኮንቲኒየስ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ነው፤ 3 ከ5 ጋር እኩል ስላልሆነ አይደለም ይባላል። ግራፉ ላይ (2, 3) ባዶ ክብ ሆኖ ይሳላል፣ (2, 5) ደግሞ የተሞላ ነጥብ። ሊሚትን ስትፈልጉ ዓይናችሁ መሄድ ያለበት መስመሮቹ ወደሚደርሱበት ባዶ ክብ እንጂ ብቻውን ወደ ቆመው ጥቁር ነጥብ አይደለም።

ወረቀት ላይ ስትሠሩ ሦስት መስመር ጻፉ፦ የግራ ሊሚት ከነስሌቱ፣ የቀኝ ሊሚት ከነስሌቱ፣ ከዚያ «እኩል ናቸው፣ ስለዚህ…» ወይም «እኩል አይደሉም፣ ስለዚህ የለም»። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳይጽፉ ሦስተኛውን የሚጽፉ ተማሪዎች መልሳቸው ትክክል ቢሆን እንኳ እንዴት እንደደረሱበት የሚያሳይ ነገር ስለሌለ ነጥብ ያጣሉ።

«ሁለት ቀመር ስላለው ሊሚት የለውም።»

ከላይ ያለው f ሦስት መስመር ኖሮት ሊሚት ነበረው። ጀልባዋም ታሪፏን ብታስተካክልና የመጀመሪያው 50 ኪሎ በ4 ብር፣ ከ50 በላይ ያለው ትርፍ ብቻ በ3 ብር ይሁን ብትል፣ ሁለተኛው ቀመር 200 + 3(w − 50) ይሆናል። w ከቀኝ ወደ 50 ሲጠጋ ቅንፉ ወደ 0 ይሄድና 200 ይቀራል። ግራው 200፣ ቀኙ 200፣ ሊሚቱ 200። ግራፉ 50 ላይ ይታጠፋል፤ ዳገቱ ከ4 ወደ 3 ይወርዳል፤ ነገር ግን አይዘልም። መታጠፍ የደሪቬቲቭ ጉዳይ ነው፤ ሊሚትን የሚያሳጣው መዝለል ነው።

«ፒስዋይዝ ከሆነ የትም ነጥብ ላይ ግራና ቀኝ መሥራት አለብኝ።»

ቀመሩ በሚቀየርበት ነጥብ ላይ ብቻ። በ f ላይ x ወደ 4 ሲጠጋ በግራም በቀኝም የሚሠራው 7 − 2x ነው፤ ተኩ፣ −1 ነው፣ አለቀ።

«2⁻ ማለት −2 ማለት ነው፤ ከግራ ማለት ኔጋቲቭ ነው።»

ምልክቷ ከላይ በኩል የተቀመጠችው የቁጥሩ ምልክት ስላልሆነች ነው። 2⁻ ማለት 1.9፣ 1.99፣ 1.999 እያለ ከ2 በታች ሆኖ የሚጠጋ ማለት ነው። ይህን የሚያውቁ ተማሪዎችም ነጥቡ ራሱ ኔጋቲቭ ሲሆን ይገለበጥባቸዋል። x ወደ −3⁻ ሲባል −2.99 ይወስዳሉ፤ ምክንያቱም ቁጥሩ «ያነሰ» ይመስላቸዋል። በቁጥር መስመር ላይ ከ−3 በስተግራ ያለው −3.01 ነው። የተሳሳተውን ወገን መውሰድ የተሳሳተውን ቀመር መምረጥ ስለሆነ ቀሪው ስሌት ምንም ያህል ቢያምር አያድነውም። ጥርጣሬ ካለባችሁ አንድ ቁጥር ወስዳችሁ ከቀመሩ ጎን በተጻፈው ሁኔታ ውስጥ አስገቡት፦ −3.01 < −3 እውነት ነው? አዎ። እንግዲያው የግራ ሊሚት የሚሠራው x < −3 በተጻፈበት መስመር ነው።

«በአንድ መስመር የተጻፈ ከሆነ ግራና ቀኝ ማየት አያስፈልግም።»

አብሶሉት ቫልዩ ካለበት ሁለት ቀመር ተደብቆበታል። (x² − 9) / |x − 3| ተሰጥቶ x ወደ 3 ሲጠጋ ሊሚቱ ቢጠየቅ፣ ብዙዎች ላይኛውን (x − 3)(x + 3) ብለው ይበትኑና x − 3ን ከ|x − 3| ጋር ያጣፋሉ፤ ከዚያ x + 3 ይቀርና 6 ይጽፋሉ። ማጣፋቱ የሚሠራው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። x ከ3 ሲበልጥ |x − 3| እና x − 3 አንድ ናቸው። x ከ3 ሲያንስ ግን |x − 3| = −(x − 3) ስለሆነ የሚቀረው −(x + 3) ነው፤ የግራ ሊሚቱም −6 ይሆናል። በቁጥር ፈትሹት፦ 2.9 ላይ (8.41 − 9) / 0.1 = −5.9 ይመጣል፤ 3.1 ላይ (9.61 − 9) / 0.1 = 6.1። ሊሚቱ የለም። አብሶሉት ቫልዩ ባያችሁ ቁጥር ውስጡ ያለው ዜሮ የሚሆንበትን ነጥብ ፈልጉ፤ የሚጠየቀው ነጥብ እሱ ከሆነ መጀመሪያ በሁለት መስመር ከፋፍላችሁ ጻፉት።

«ሊሚት እንዲኖረው k ስንት ይሁን ሲባል ሁለቱን ቀመር እኩል አድርጌ k ፈታሁ፤ መልሱ ውስጥ ግን x ቀረብኝ።»

ከመተካት በፊት እኩል ስላደረጋችሁ ነው። x < 2 ሲሆን x² + k፣ x > 2 ሲሆን 3x − k ቢሰጥ፣ ሁለቱ ቀመሮች በየቦታው እኩል እንዲሆኑ ማንም አልጠየቀም። እኩል መሆን ያለባቸው 2 ላይ የሚደርሱባቸው ቁጥሮች ናቸው። የግራው 4 + k፣ የቀኙ 6 − k፤ ስለዚህ 2k = 2፣ k = 1፣ ሊሚቱም 5።

«ካልኩሌተር ላይ 0.1፣ 0.01፣ 0.001 ካስገባሁ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል።»

ለጀልባዋ ታሪፍ ያዋጣል፤ ሁልጊዜ ግን አያዋጣም። x ≤ 0 ሲሆን 0፣ x > 0 ሲሆን sin(π/x) የሆነ ፋንክሽን ውሰዱ፤ ካልኩሌተሩ ሬዲያን ላይ ይሁን። 0.1 ስታስገቡ sin(10π) ነው፣ 0። 0.01 ላይ sin(100π)፣ 0። 0.001 ላይም 0። ግራው 0፣ ቀኙ 0፣ ሊሚቱ 0 ብሎ መደምደም ያጓጓል። አሁን 2/41 አስገቡ፣ 0.0488 አካባቢ ነው፤ sin(20.5π) = 1 ይመጣል። 2/401ም 1 ነው፤ 2/4001ም 1 ነው። ወደ ዜሮ የሚጠጉ ሁለት መንገዶች ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሰጡ፤ እንግዲህ የቀኝ ሊሚት ራሱ የለም። የሁለት ወገን ሊሚት ያልኖረው ግራና ቀኝ ስለተለያዩ ሳይሆን አንዱ ወገን የሚደርስበት ቦታ ስለሌለው ነው። ሠንጠረዡ ያሳሳተው የተመረጡት ቁጥሮች ሁሉ π/xን ሙሉ የπ ብዜት ስለሚያደርጉት ነው።

ሁለተኛውን መስመር x·sin(π/x) ብታደርጉት ግን ነገሩ ይለወጣል። ሳይኑ ከ−1 እስከ 1 ውስጥ ስለሚወዛወዝ፣ x > 0 ሲሆን ውጤቱ ሁልጊዜ በ−x እና በ x መካከል ነው፤ ሁለቱም ወደ 0 ሲጠጉ እሱም አብሮ ይጨመቃል። የቀኝ ሊሚት 0፣ የግራውም 0፤ ሊሚቱ አለ፣ 0 ነው።